የጌም ክበብ ፕሬዚዳንት ለፍሬሾች ምን ይበል?

ሴሚስተር ሲከፈት የጌም ክበብ እንደ ሌሎቹ ክበቦች ሁሉ አዲስ ተማሪ ይቀበላል። አዳራሽ ይጠየቃል፣ ቲቪና ፕሌይስቴሽን ይደረደራል፣ ከዚያ ፕሬዚዳንቱ ማይክ ይይዛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ክበቡ መቼ እንደተመሠረተ፣ ጌም አእምሮን እንዴት እንደሚያዳብር፣ አባላቱ እንደ ቤተሰብ እንደሆኑ ነው። ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ፍሬሽ ግን ይህን ሰምቶ የሚይዘው ነገር የለውም። እሱ በሆዱ የያዘው ጥያቄ አንድ ነው፦ «እኔ መቼ ነው የምጫወተው?»

የፕሬዚዳንቱ ንግግር ለዚህ ጥያቄ በሰዓትና በደቂቃ መልስ ካልሰጠ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ፍሬሹ ሃያ ደቂቃ የሌላ ሰው ጀርባ አይቶ ይወጣል። ደግሞም ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ውጭ ጣና ዳር አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ገና ያላዩት ከተማ አለ። ባህር ዳር ውስጥ ፍሬሽን አዳራሽ ለማስቀመጥ ከሐይቁ ጋር ነው የሚፎካከሩት።

ስለዚህ ንግግሩን ከመጻፍ በፊት ፕሮግራሙ መሠራት አለበት። ንግግሩ ፕሮግራሙን ጮክ ብሎ ማንበብ ነው ማለት ይቻላል። ለማሳያ አንድ ቀን እንውሰድ፦ የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ አራት ፕሌይስቴሽን 4 ከነቲቪያቸው፣ ስምንት ጆይስቲክ፣ የእግር ኳስ ጌም፣ 48 ፍሬሽ። ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ሒሳቡ ግን ያው ነው።

መጀመሪያ አጀማመሩ። ፍሬሾቹ ያንን ሳምንት ከአንዱ አዳራሽ ወደ ሌላው ሲነዱ ነው የከረሙት፤ «ክቡራንና ክቡራት» የሚል ቃል ሲሰሙ ስልካቸውን ያወጣሉ። ከመካከላቸው አማርኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው የሆነ ብዙ ልጅ አለ። ዐረፍተ ነገሩ አጭር፣ ቁጥሩ ደግሞ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ይሁን። ንግግሩ በሙሉ ከአምስት ደቂቃ አይለፍ። እንዲህ ቢጀመር ይበቃል፦

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እዚህ ያላችሁ ሁሉ ሦስት ሦስት ጨዋታ ትጫወታላችሁ። የመጀመሪያው 8 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀመራል። የምድብ ጨዋታው 10 ሰዓት ከ18 ያልቃል። እያንዳንዳችሁ የምትጫወቱበትን ደቂቃ አሁን፣ ከዚህ ወንበር ሳትነሱ፣ ታውቃላችሁ።»

ይህን ለማለት መብት የሚሰጠው ግን ከጀርባው ያለው አሠራር ነው። ሁላችንም ከሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት የለመድነው «የተሸነፈ ይነሳል» የሚለውን ነው። እዚያ ቤቱ የሚፈልገው ገንዘብ ነው፤ ተሸናፊው ይከፍላል፣ ጎበዙ ይቀመጣል፣ ንግዱ ይሄዳል። ክበብ ውስጥ ግን አዲስ ሰው ለማባረር ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም። 48 ሰው በአራት ቲቪ ሲከፈል ለአንዱ ቲቪ 12 ሰው ይደርሳል። ሁለቱ ይጫወታሉ፣ አሥሩ ይጠብቃሉ። አንዱ ሲሸነፍ ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል፤ ተራው እስኪመለስ አሥር ጨዋታ ማለቅ አለበት። አንድ ጨዋታ ከነመቀያየሩ 12 ደቂቃ ቢፈጅ፣ ያ ልጅ ሁለት ሰዓት ይቆማል ማለት ነው። የሚሸነፈው ደግሞ ጆይስቲክ ብዙ ያልያዘው ነው። ልምምድ የሚያስፈልገው ሰው ቆሞ ይውላል፣ የማያስፈልገው ተቀምጦ ይውላል።

ሁለተኛው የተለመደ መንገድ ጥሎ ማለፍ ነው። ንጹሕ ይመስላል፤ ሰሌዳ ላይ ሲሣልም ያምራል። በጥሎ ማለፍ የጨዋታው ብዛት ሁልጊዜ ከተጫዋቹ ብዛት አንድ ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ሰው ያሰናብታል፣ በመጨረሻም አንድ ሰው ብቻ ይቀራል። ለ48 ሰው 47 ጨዋታ ነው። 48 እኩል እየተገመሰ እስከ አንድ የሚወርድ ቁጥር ስላልሆነ፣ 16 ሰው በዕጣ የመጀመሪያውን ዙር ዘሎ ያልፋል፤ የቀሩት 32ቱ 16 ጨዋታ ያደርጋሉ። ከዚያ ሌላ 16፣ ከዚያ 8፣ 4፣ 2፣ 1። በአራት ቲቪ ሲካፈል 13 ተራ ይወጣዋል፤ በ12 ደቂቃ ሲባዛ 156 ደቂቃ፣ ሁለት ሰዓት ከ36። ይህ ሁሉ ጊዜ ጠፍቶ ቢያንስ 16 ልጅ አንዲት ጨዋታ ተጫውቶ ይሄዳል። በተግባር ደግሞ ቁጥሩ ከዚያ ይበልጣል፤ ዙር ዘለው ካለፉትም የመጀመሪያ ጨዋታቸውን የሚሸነፉ አሉና። የመጨረሻዎቹ ሁለት ተራዎች ላይ ከአራቱ ቲቪ ሁለቱ፣ ከዚያም ሦስቱ፣ ሥራ ፈትተው ይቆማሉ።

ታዲያ ሁሉም በምድብ ይጫወት ቢባልስ? 48 ሰው በአራት በአራት 12 ምድብ ይሆናል፤ በአንድ ምድብ ስድስት ጨዋታ፣ በጠቅላላው 72። በአራት ቲቪ 18 ተራ ነው፤ ሦስት ሰዓት ከ36 ደቂቃ፣ ያውም ለምድብ ብቻ። ፍትሐዊ ነው፣ ግን አይዘለቅም።

የሚሻለው ሰዉን ጥንድ ማድረግ ነው። 48 ሰው 24 ጥንድ፣ 24 ጥንድ ስድስት ምድብ። ስድስት ምድብ በስድስት ጨዋታ 36፤ በአራት ቲቪ ዘጠኝ ተራ፤ በ12 ደቂቃ 108 ደቂቃ። ከየምድቡ አንደኛ የወጡት ስድስት ጥንዶችና ከሁለተኞቹ የተሻሉት ሁለት ሩብ ፍጻሜ ይገባሉ። ሩብ ፍጻሜው አንድ ተራ፣ ግማሽ ፍጻሜው አንድ ተራ፣ ፍጻሜው አንድ ተራ፤ ሌላ 36 ደቂቃ። ድምሩ 144 ደቂቃ ነው። ከጥሎ ማለፉ በ12 ደቂቃ አንሶ ለሁሉም ሦስት ጨዋታ ያዳርሳል።

ጥንዱ እንዴት ይጫወት የሚለው ላይ ሰው ይለያያል። ፕሌይስቴሽን 4 አራት ጆይስቲክ ስለሚቀበል ሁለት ለሁለት በአንድ ጊዜ መጫወት ይቻላል። ለዚያ ግን 16 ጆይስቲክ ያስፈልጋል፤ ቢገኝም ጎበዙ ኳሷን አይለቅም፣ ጀማሪው የትኛው ተጫዋች የእሱ እንደሆነ ሲፈልግ ጨዋታው ያልቃል። እኔ የምመርጠው በግማሽ መቀያየርን ነው፦ ከጥንዱ አንዱ የመጀመሪያውን አጋማሽ፣ ሌላው ሁለተኛውን ይጫወታል። ስምንቱ ጆይስቲክ ይበቃል። ዋናው ጥቅሙ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሁልጊዜ ጀማሪው በመጀመሪያው አጋማሽ፣ ልምድ ያለው በሁለተኛው ይግባ ከተባለ፣ ጀማሪ ከጀማሪ፣ ጎበዝ ከጎበዝ ይገጥማል። ጀማሪው 5 ለ0 ተሸንፎ አፍሮ አይነሳም፤ ጎበዙም የሚመጥነው ሰው ያገኛል። እርግጥ እያንዳንዱ ሰው ጆይስቲክ የሚይዘው በጨዋታ አራት ደቂቃ፣ በድምሩ 12 ደቂቃ ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል ባይ ነኝ፤ የቀረውን ጊዜ አጠገቡ ተቀምጦ «አሳልፍ፣ አሳልፍ» ሲል ነው የሚያሳልፈው፣ እሱም ጨዋታ ነው።

12 ደቂቃዋ ከየት መጣች? አጋማሹ በአራት አራት ደቂቃ ሲስተካከል ስምንት ይሆናል። አራቱ ደቂቃ ለመቀመጥ፣ ለቡድን ምርጫ፣ ለዕረፍት መቀያየርና ውጤት ለመጻፍ ነው። ይህቺ አራት ደቂቃ ናት ሁልጊዜ የምታመልጠው። ጎል በገባ ቁጥር ድጋሚውን እስከ መጨረሻ የሚያይ ሰው አለ፤ ቡድን ለመምረጥ ሁሉንም ሊግ የሚዞር አለ። ስለዚህ ንግግሩ ውስጥ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይግባ፦ «ቡድናችሁን ሳትቀመጡ ወስኑ፤ ሁለቱም ወገን እኩል ኮከብ ያለው ቡድን ነው የሚይዘው። የጎል ድጋሚ አናይም፣ ይታለፋል።» በየጨዋታው ሁለት ደቂቃ ቢባክን በዘጠኝ ተራ 18 ደቂቃ ነው። ፍጻሜው ወደ ካፌ ሰዓት ይገፋል፤ ከዚያ ወዲያ አዳራሹ ውስጥ የሚቀር ሰው የለም።

የተራው አወጣጥ ቀላል ነው። በአንድ ተራ አራት ጨዋታ ማለት ስምንት ጥንድ፣ ማለትም ሁለት ምድብ ነው። ምድብ 1 እና 2 በ8፡30፣ በ9፡06 እና በ9፡42 ይጫወታሉ። ምድብ 3 እና 4 በ8፡42፣ በ9፡18 እና በ9፡54። ምድብ 5 እና 6 በ8፡54፣ በ9፡30 እና በ10፡06። ማንም ሰው በሁለት ጨዋታዎቹ መካከል የሚጠብቀው 24 ደቂቃ ነው። ሻይ ጠጥቶ ለመመለስ ይበቃል፤ ጣና ደርሶ ለመመለስ አይበቃም፤ ለዚህ ነው የወደድኩት። ፕሬዚዳንቱ ይህን ሰሌዳ ላይ እያሳየ ሲናገር አዳራሹ ዝም የሚለው በአክብሮት ሳይሆን ሁሉም የራሱን ሰዓት ስለሚፈልግ ነው።

አዳራሹን የሚያውከው ሌላው ነገር ዳኛ መጥፋት ነው። የክበቡ አባላት አራት ቲቪ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ አይቆሙም፤ አንዱ ስልክ ይደወልለታል፣ ሌላው ወደ ዶርም ይሄዳል። ስለዚህ የሚቀጥለው ተራ ባለቤቶች ዳኛ ይሁኑ። ምድብ 1 እና 2 ሲጫወቱ ከምድብ 3 እና 4 በየቲቪው አንድ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ይቀመጣል። ውጤት ይጽፋል፣ ጎል ሲገባ ደቂቃውን ይመዘግባል። በዚህ መንገድ ተረኛው ጨዋታው ሲደርስ አይፈለግም፤ ቀድሞውንም እዚያው ነው።

ጥንድ ማጣመር ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ጎበዝ የሆናችሁ እጅ አውጡ» ማለት ዋጋ የለውም። ግማሹ ሳይችል ያወጣል፤ በተለይ ሴቶቹ ደግሞ እየቻሉ አያወጡም። የሚሻለው የማይዋሽበትን ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ «ጆይስቲክ ላይ ለመሮጥ የምትጫኑት የትኛውን ነው?» ወዲያው የመለሰ ሰው ተጫውቷል፤ ያሰበ ወይም ጎረቤቱን ያየ አልተጫወተም። መላሾቹ በቀኝ፣ የቀሩት በግራ ይሰለፋሉ፤ ከየሰልፉ አንድ አንድ ዕጣ ይወጣል። ጓደኛሞች አብረው መሆን ይፈልጋሉ፣ አይፈቀድም። አብሮ ከዶርም የመጣ ሰው አብሮ ይጫወት ከተባለ ብቻውን የመጣው ብቻውን ይቀራል፤ ብቻውን የመጣው ደግሞ ክበቡ ይበልጥ የሚፈልገው ሰው ነው።

ይህ ጥያቄ ሌላም ነገር ያወጣል። አንዳንዱ R2 ይላል፣ አንዳንዱ R1። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የመጀመሪያው ፊፋ በሚባለው የእግር ኳስ ጌም ላይ ያደገ ነው፣ ሁለተኛው ፔስ በሚባለው ላይ። ልዩነቱ ሩጫ ላይ ብቻ አይደለም። ፊፋ ላይ ጎል መምቻው ክብ ነው፣ ረጅም ኳስ ደግሞ አራት ማዕዘን፤ ፔስ ላይ ተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ በሰፈሩ ፔስ ላይ አንደኛ የነበረ ልጅ ፊፋ ላይ ሲቀመጥ፣ ግብ ጠባቂው ፊት ደርሶ አራት ማዕዘኑን ይጫንና ኳሷ በአየር ተንሳፍፋ ትወጣለች። ሁለተኛም ሦስተኛም እንደዚያው። ከኋላ የቆሙት ይስቃሉ፣ እሱም ጀማሪ ነኝ ብሎ ይነሳል። መፍትሔው ጌሙ ውስጥ አለ፤ በጆይስቲክ ማስተካከያው ላይ `Classic` የሚለውን ወደ `Alternate` ማዞር መምቻውንና ረጅሙን ኳስ ያቀያይራል። እያንዳንዱ ተጫዋች ለራሱ ጆይስቲክ ነው የሚመርጠው፣ ተጋጣሚውን አይነካም። በዕረፍት ሲቀያየሩ ግን ማስተካከያው ከጆይስቲኩ ጋር ስለሚቀር እንደገና ማየት ያስፈልጋል። ንግግሩ ውስጥ አንድ መስመር ይገባዋል፦ «ፔስ ላይ ያደጋችሁ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ዳኛውን `Alternate` በሉት።»

አሁን ወደማይቀረው እንምጣ። መብራት ሊሄድ ይችላል። ሲሄድ ምን እንደሚደረግ ቀድሞ ያልተነገረበት አዳራሽ ውስጥ ሦስት ዓይነት ጩኸት ይነሳል፦ እየመራ የነበረው «አሸንፌያለሁ» ይላል፣ እየተመራ የነበረው «ከዜሮ እንጀምር» ይላል፣ ተረኛው ደግሞ «ጊዜያችሁ አልቋል» ይላል። ሕጉ ከመጀመሪያው ይነገር። ሁለት ለአንድ እየተመሩ 60ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ እንበል። ጌሙ ያቋረጡትን ጨዋታ ከነበረበት አያስጀምርም፤ ስለዚህ አዲስ ጨዋታ ይከፈትና የጌሙ ሰዓት 30ኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ ይቆማል። የቀረው 30 ደቂቃ ነበርና። በዚያ ውስጥ የገቡት ጎሎች ባለፈው ውጤት ላይ ይደመራሉ። 60 እና 30፣ 75 እና 15፣ 20 እና 70፤ ሁልጊዜ ድምሩ 90። ይህ የሚሠራው ግን ዳኛው ደቂቃውን የሚያውቅ ከሆነ ነው። ስክሪኑ ሲጠፋ ደቂቃውም አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ዳኛው ጎል ባይኖርም በየ15ቱ የጌም ደቂቃ ምልክት ያድርግ። ጭቅጭቅ ከተነሳ የሚታመነው የመጨረሻው ምልክት ነው።

ዩፒኤስ ያለው ክበብ ይጠቀም። ፕሌይስቴሽን 4 እንደ ሞዴሉ በጨዋታ ላይ ከ80 እስከ 150 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ትንሽ ቲቪ ቢጨመርበት ተራ የቢሮ ዩፒኤስ ለጥቂት ደቂቃ ይይዘዋል። ይህ ጨዋታውን ለማቆምና ማሽኑን በሥርዓት ለማጥፋት እንጂ ለመጫወት አይደለም። ለአራት ቲቪ አራት ዩፒኤስ መግዛት ግን ለተማሪ ክበብ ቅንጦት ነው፤ በዚያ ገንዘብ ጆይስቲክ ይገዛ። ዩፒኤስ ከሌለ መብራት እንደሄደ ዲቫይደሮቹ ከግድግዳ ይነቀሉ፤ መብራት ሲመለስ ከፍና ዝቅ ይላልና ሁለት ሦስት ደቂቃ ታግሶ መሰካት ነው። በድንገት የጠፋ ፕሌይስቴሽን ሲበራ በትክክል እንዳልጠፋ ይጽፍና ማከማቻውን ይፈትሻል። ያን ጊዜ ተቻኩሎ እንደገና መንቀል ትልቁ ስሕተት ነው፤ ሃርድ ዲስኩን የሚጎዳው እሱ ነው። ለዚህ ተብሎ ፕሮግራሙ ላይ ከምድብ ጨዋታው በኋላ 12 ደቂቃ ባዶ ቢተው ጥሩ ነው፤ 10፡18 ላይ ያለቀው 10፡30 ላይ ይቀጥላል፣ ፍጻሜው 11፡06 ላይ ያልቃል። መብራት ካልሄደ ሰው ይተነፍስበታል። አንድ ሰዓት ከጠፋ ግን ሩብ ፍጻሜው ወደ ሌላ ቀን ይተላለፋል እንጂ የምድብ ጨዋታ አይቆረጥም፤ ምድቡ የሁሉም ነው፣ ሩብ ፍጻሜው የስምንት ጥንድ።

ፕሬዚዳንቱ ሳይሸራረፍ መናገር ያለበት አንድ ክልከላም አለ፦ «እዚህ አዳራሽ ገንዘብ አስይዞ መጫወት የለም። የሻይም ቢሆን።» ምክንያቱን ስብከት ውስጥ ሳይገቡ መናገር ይቻላል። ገንዘብ ከገባበት ከላይ ያልነው የ30 ደቂቃ ሕግ አይሠራም፤ የዳኛው ወረቀትም አይታመንም። ገና የመጀመሪያ ወር ላይ ያለ ተማሪ ደግሞ እስከሚቀጥለው ድረስ የሚያቆየውን ብር ነው ኪሱ የያዘው።

ከንግግሩ በፊት፣ ማለዳ፣ ማንም ሳይመጣ መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ። ካልታዩ ንግግሩን ውሸት ያደርጉታል። አንደኛው የጌሙ ፈቃድ ነው። በዲስክ የሆነ ጌም ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። ከኢንተርኔት የወረደ ጌም ግን ማሽኑ ለባለቤቱ አካውንት ዋና ተብሎ ካልተመዘገበ ያለ ኔትወርክ የቁልፍ ምልክት ያሳይና አይከፈትም። የተዋሰውን ማሽን ከባለቤቱ ዶርም ሳያወጡ ዋይፋዩን አጥፍቶ ጌሙን መክፈት ነው፤ ከተከፈተ ሰላም ነው።

ሁለተኛው የጆይስቲክ መቀላቀል ነው፤ ስምንት ጆይስቲክ አንድ ጠረጴዛ ላይ ከተከመረ መከራ ነው። ጆይስቲኩ የሚያስታውሰው መጨረሻ የተገናኘውን ማሽን ነው። ልጁ ቲቪ 1 ፊት ተቀምጦ መሃሉን ቁልፍ ሲጫን ከወዲያኛው ጥግ ያለው ፕሌይስቴሽን ይነሳል፤ እዚያ የሚጫወቱት ደግሞ መሃል ላይ «ማነው የገባብን?» ይላሉ። እያንዳንዱን በገመድ ከማሽኑ ጋር አገናኝቶ ቁልፉን አንዴ መጫን ነው፤ ከዚያ በባለቀለም ፕላስተር ጆይስቲኩንም ቲቪውንም ምልክት ማድረግ። ቀይ ከቀይ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ። ያን ጊዜውኑ ሳይነኩት ተጫዋቹ ብቻውን የሚራመድ ከሆነ ያ ጆይስቲክ በአውራ ጣት የሚገፋው ዘንጉ አልቋል፤ ወደ ሣጥኑ ይመለስ። ቻርጅ የሚደረገው በዋዜማው ማታ ነው እንጂ ቅዳሜ ጠዋት መብራት ተማምኖ አይደለም።

ሦስተኛው ቲቪዎቹ ራሳቸው ናቸው። አንዳንዱ ቲቪ ምስሉን ለማሳመር ሲል ያዘገየዋል፤ ቁልፉን ተጭነህ ተጫዋቹ ከመምታቱ በፊት ትንሽ ያስጠብቃል። ዲሽ ስታይ አይታወቅም፣ ጌም ላይ ግን መለያ ምት ሁሉ ይበላሻል። በቲቪው ምስል ማስተካከያ ውስጥ `Game` የሚለውን መምረጥ ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል። ካልፈታው ያ ቲቪ ለምድብ ጨዋታ ይቆይ፣ ፍጻሜ ግን አይደረግበትም። አቀማመጡም ይታሰብበት፦ ከ9 ሰዓት በኋላ የባህር ዳር ፀሐይ በምዕራቡ መስኮት ነው የምትገባው። ስክሪኑ ወደ ምዕራብ ካየ ኳሷ አትታይም፤ ጀርባውን ለምዕራብ ከሰጠ ተጫዋቹ ዓይኑን ይጨፍናል። በሰሜን ወይም በደቡብ ግድግዳ ይደርደር።

ቁጥሩስ 48 ባይሆን? ስም ቀድሞ በቴሌግራም መመዝገብ ጠቃሚ ይመስላል፣ ግን ከተመዘገበው የሚቀር አለ፣ ካልተመዘገበው የሚመጣ አለ። ዕጣ የሚወጣው አዳራሽ ውስጥ ለተገኘ ሰው ብቻ ነው። 45 ሰው ከመጣ የጎደሉትን ሦስት ቦታ የክበቡ አባላት ይሞላሉ፤ ነባር አባላት በዚያ ቀን የሚጫወቱት ለመሙያ ብቻ ነው። ይህ ሕግ አባላቱን ያበሳጫል። ማሽኑን ያመጡት፣ ገመዱን የዘረጉት እነሱ ናቸውና። ግን አንድ ሲኒየር ተቀምጦ ፍሬሽ ሲያሸንፍ ማየት ለማንም አይጠቅምም፤ እነሱ ማታ ፍጻሜው ካለቀ በኋላ ይጫወቱ።

64 ሰው ከመጣ 32 ጥንድ፣ ስምንት ምድብ፣ 48 ጨዋታ፣ 12 ተራ ነው፤ ምድቡ 10፡54 ያልቃል። ያኔ ባዶው 12 ደቂቃ ይቀርና ስምንቱ አንደኞች በቀጥታ ሩብ ፍጻሜ ይገባሉ፤ ፍጻሜው 11፡30 ላይ ያበቃል። ከ64 በላይ ከሆነ ግን ማጨናነቅ አያዋጣም። ፕሬዚዳንቱ ማይኩን እንደያዘ፣ ዕጣው ሳይጀመር እንዲህ ይበል፦ «ዛሬ ቦታ ለ64 ሰው ነው። የቀራችሁት ነገ እሑድ በ8 ሰዓት፣ እዚሁ፣ በዚሁ አሠራር ትጫወታላችሁ። ስማችሁን አሁን በር ላይ አስመዝግቡ፤ የምትጫወቱበት ደቂቃ ዛሬ ማታ ይለጠፋል። አሁን የሩጫ ቁልፉን የምታውቁ በቀኝ፣ የማታውቁ በግራ ተሰለፉ።»